ፊን መጨመር መቼ ያዋጣል? ለአዳማ አየር የተሰላ ንጽጽር

አዳማ ውስጥ ኢንቨርተር የሚገጥም፣ የከባድ መኪና ዘይት ማቀዝቀዣ የሚጠግን ወይም የማድረቂያ ክፍልን በሙቅ ውሃ ቧንቧ የሚያሞቅ ባለሙያ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳል፤ በዚህ ሙቅ ገጽ ላይ ፊን፣ ማለትም ሙቀት የሚያስወጣ ቀጭን የብረት ክንፍ፣ ልጨምርበት ወይስ ባለበት ልተወው? መልሱን የሚወስነው ገጹን የሚነካው አየር ወይም ፈሳሽ ሙቀትን የመቀበል አቅሙ ነው። ይህ አቅም በስሌት ላይ h ተብሎ ይጻፋል። ገጹ ከአካባቢው በ1 ዲግሪ ሲበልጥ ከ1 ካሬ ሜትር ላይ ስንት ዋት እንደሚወሰድ የሚናገር ቁጥር ነው። ለረጋ አየር 5 ገደማ ነው። ደህና ፋን ሲነፋበት ወደ 30 ይደርሳል። በቧንቧ ውስጥ በደንብ ለሚፈስ ውሃ ደግሞ ወደ 3,000 ይጠጋል። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ስለሆነ፣ አንዱ ቦታ ላይ ድንቅ የሆነ ፊን ሌላው ቦታ ላይ የብረት ብክነት ይሆናል።

ከዚህ በታች አንድ ገጽ እና አንድ ፊን ይዘን h ብቻ ሲቀያየር ምን እንደሚመጣ እናያለን። ከዚያ በኋላ ፊንን ከቀለም፣ ከፋን እና ጭራሽ ካለመንካት ጋር እናወዳድራለን።

ብቃት እና ውጤታማነት የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው

የፊን ብቃት የሚባለው፣ ፊኑ በተግባር የሚያስወጣው ሙቀት፣ ከሥር እስከ ጫፍ እንደ መሠረቱ ሞቆ ቢሆን ኖሮ ከሚያስወጣው ጋር ሲነጻጸር ነው። ጫፉ ሁልጊዜ ከሥሩ ስለሚቀዘቅዝ ብቃት ከ1 አይበልጥም። የፊን ውጤታማነት ግን ፊኑ የሚያስወጣውን ሙቀት የሚያወዳድረው ፊኑ የቆመባት ጠባብ ቦታ ባዶዋን ብትቀር ከምታስወጣው ጋር ነው። ውጤታማነት 1 ከሆነ ፊኑ ምንም አልጨመረም። ከ1 በታች ከሆነ ጭራሽ ሙቀቱን አፍኖታል። በዲዛይን ልማድ ውጤታማነቱ 2 ካልሞላ ፊን አይታሰብም።

ብቃቱ ከፍ ያለ ፊን ጥሩ ፊን ነው ብሎ መደምደም ትልቅ ስህተት ነው። 3 ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝም ወፍራም ጉቶ ብቃቱ 99 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስወጣው ሙቀት ግን እዚህ ግባ አይባልም። በተቃራኒው ለአንድ ዓይነት የብረት መጠን ከሁሉ የበለጠ ሙቀት የሚያስወጣው ባለ አራት ማዕዘን ፊን ብቃቱ 63 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ብቃት የሚጠቅመው ለስሌት ነው። ላስገባ ወይስ ልተው የሚለውን ውሳኔ በእሱ ላይ መጣል አይገባም።

ቀጥ ላለ ቀጭን ፊን ስሌቱ አጭር ነው። t የፊኑ ውፍረት፣ L ከመሠረቱ የወጣበት ርዝመት፣ k ደግሞ ብረቱ ሙቀት የሚያስተላልፍበት መጠን ነው። ርዝመቶቹ ሁሉ በሜትር ይግቡ።

```
m  = sqrt(2*h / (k*t))
Lc = L + t/2
η  = tanh(m*Lc) / (m*Lc)
ε  = η * 2*Lc / t
```

η ብቃቱ፣ ε ውጤታማነቱ ነው። አብዛኛው ሳይንሳዊ ካልኩሌተር tanh ያሰላል፤ በአንዳንዱ ላይ hyp ከዚያም tan ተብሎ ይገባል። ቀመሩ የሚሠራው ለቀጥተኛ ፊን ነው። ቧንቧ ላይ ለሚጠልቅ ክብ ፊን ብትጠቀሙበት ብቃቱን ከእውነቱ አስበልጦ ያሳያችኋል፤ ክብ ፊን ወደ ጫፉ እየሰፋ ስለሚሄድ ርቆ የሚገኘው ገጽ ይበዛልና።

አንድ ገጽ፣ አንድ ፊን፣ ሦስት ዓይነት h

ገጹ 200 ሚሊሜትር ስፋት እና 150 ሚሊሜትር ቁመት ያለው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ይሁን፤ ከኋላው ሙቀት የሚያመነጭ ዕቃ ተለጥፎበታል። ሰሌዳው ከ75 ዲግሪ እንዲያልፍ አንፈልግም። በዙሪያው ያለው አየር 35 ዲግሪ ነው እንበል፤ ለአዳማ ከሰዓት፣ ቆርቆሮ ክዳን ሥር ላለ ክፍል ይህ ጋነነ አይባልም። ስለዚህ በእጃችን ያለው ልዩነት 40 ዲግሪ ነው።

ፊኖቹ 2 ሚሊሜትር ውፍረት እና 40 ሚሊሜትር ርዝመት አላቸው። በመካከላቸው 8 ሚሊሜትር ክፍተት ከተተወ 20 ፊን ይገባል። ጠቅላላ ገጹ ከ0.03 ካሬ ሜትር ወደ 0.27 ያድጋል፤ ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ለ k የተወሰዱት ቁጥሮች ለአሉሚኒየም 200፣ ለተራ ብረት 50፣ ለእስታንለስ 15 ናቸው።

| የሚነካው | h | አሉሚኒየም ብቃት / ውጤታማነት | ተራ ብረት ብቃት / ውጤታማነት | እስታንለስ ብቃት / ውጤታማነት |
|---|---|---|---|---|
| የረጋ አየር | 5 | 99% / 40 | 95% / 39 | 85% / 35 |
| የፋን አየር | 30 | 92% / 38 | 76% / 31 | 52% / 21 |
| የሚፈስ ውሃ | 3,000 | 20% / 8.2 | 10% / 4.1 | 5% / 2.2 |

ከሰንጠረዡ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የላይኛው መስመር ነው። በረጋ አየር ላይ ተራ ብረት ከአሉሚኒየም የሚያንሰው በ4 በመቶ ብቻ ነው። አየሩ ሙቀቱን የሚቀበለው በጣም ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ብረቱ ቀርፋፋ ቢሆንም ሙቀቱን ጫፍ ድረስ ለማድረስ ጊዜ አያጣም። ስለዚህ ያለ ፋን ለሚሠራ ሣጥን ከላሜራ ተቆርጠው በደንብ የተበየዱ ፊኖች በቂ ናቸው፤ ለአሉሚኒየም ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት የሚያስገኘው ጥቅም ክብደት መቀነስ እና ዝገትን መከላከል ነው። ውፍረቱንም መቀነስ ይቻላል። አሉሚኒየሙ ከ2 ወደ 1 ሚሊሜትር ቢሳሳ ብቃቱ ከ99 ወደ 97 ብቻ ይወርዳል፤ የሚፈጀው አሉሚኒየም ግን በግማሽ ይቀንሳል። የ1 ሚሊሜትር ላሜራም ቢሆን 90 በመቶ ይሰጣል።

ፋን ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። 20ዎቹ የአሉሚኒየም ፊኖች በ30 h ሰሌዳውን 300 ዋት ያህል እንዲያስወጣ ያደርጉታል፤ ከተራ ብረት የተሠሩት ደግሞ 250 ገደማ። ባዶው ሰሌዳ በዚያው ፋን 36 ዋት ብቻ ነው የሚያስወጣው። እዚህ የብረቱ ዓይነት ዋጋ ማውጣት ይጀምራል። እስታንለስ ግማሹን ፊን ያለ ሥራ ያስቀምጣል።

የታችኛው መስመር ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ውሃ ውስጥ የአሉሚኒየም ፊን ውጤታማነት 8.2 ነው፤ እስታንለስ እንኳ 2.2 ያገኛል። ከ2 ከበለጠ ይግባ በሚለው ልማድ ብቻ የሚሄድ ሰው ውሃ ውስጥም ፊን ይበይዳል ማለት ነው። ልማዱ ያለቦታው ሲገባ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ውጤታማነት የሚነግረን ይህ ፊን የቆመበትን ቦታ ይረዳል ወይ የሚለውን ነው። ያ ቦታ እርዳታ ይፈልግ እንደሆነ አይነግረንም።

ሙቀቱን የያዘው የትኛው ወገን ነው?

ሙቀት ከሙቅ ውሃ ወደ አየር ሲሄድ ሦስት በሮችን ያልፋል፤ ከውሃው ወደ ቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ፣ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ፣ ከዚያም ከውጫዊው ግድግዳ ወደ አየሩ። እያንዳንዱ በር የራሱ ተቃውሞ አለው፤ ተቃውሞዎቹም ይደመራሉ። ፊን የሚያዋጣው ከሁሉ የጠበበው በር ላይ ሲሰፋ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። ግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ በውጭ 21.3 ሚሊሜትር፣ በውስጥ 16 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በ1 ሜትር ርዝመት የውሃው ወገን ተቃውሞ፣ h 3,000 ከሆነ፣ 0.0066 ዲግሪ በዋት ይሆናል። የግድግዳው 0.0009 ነው። የአየሩ ወገን፣ h 30 ከሆነ፣ 0.498 ይሆናል። ድምሩ 0.506 ሲሆን ከዚህ ውስጥ 98.5 በመቶው የአየሩ ነው።

ውሃው 80 ዲግሪ፣ አየሩ 35 ዲግሪ ቢሆን ይህ ቧንቧ በሜትር 89 ዋት ያህል ይሰጣል። አሁን በውስጥ በኩል ፊን አስገብተን የውሃውን ወገን ሁለት እጥፍ ብናሻሽለው፣ ተቃውሞው ከ0.0066 ወደ 0.0033 ይወርዳል፤ የሙቀቱ ጭማሪ ግን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ያንኑ ድካም ወደ ውጭ አዙረን፣ ብቃቱ ከታሰበ በኋላ ገጹን 8 እጥፍ የሚያደርግ ፊን ብንጠቀልልበት፣ የአየሩ ተቃውሞ ወደ 0.062 ይወርዳል፤ ድምሩ 0.07 ይሆናል፤ ቧንቧውም በሜትር 645 ዋት ይሰጣል። ሰባት እጥፍ ነው።

የመኪና ራዲያተር ፊን አየሩ በሚያልፍበት በኩል ብቻ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ዘይት በውሃ የሚቀዘቅዝበት ዕቃ ላይ ደግሞ ደካማው ዘይቱ ነው፤ ወፍራምና ቀስ ብሎ የሚፈስ ዘይት h ከውሃው እጅግ ያነሰ ስለሆነ ፊን የሚገባው በዘይቱ ወገን ነው። ሁለቱም ወገን ውሃ ከሆነ ፊኑን ተዉት፤ ቧንቧ ማስረዘም ወይም ፍሰቱን ማፍጠን ይሻላል።

ከፊኑ በኋላ ሒሳቡን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ሥሩት። ከላይ ባለው ምሳሌ የውሃው ድርሻ ከ1.3 በመቶ ወደ 9.5 በመቶ አድጓል። ፊኑን አሁንም ብናበዛው እያንዳንዱ ጭማሪ የሚያመጣው እያነሰ ይሄዳል። ሁለቱ ወገኖች ተቀራራቢ ሲሆኑ ፊን መጨመር ማቆም ነው።

የግድ ውሃ ውስጥ ፊን ማስገባት ካስፈለገ ግን አጭር ይሁን። ፊን ሥራውን የሚጨርሰው ርዝመቱ 2 ሲካፈል ለ m ሲደርስ ነው፤ እዚያ ላይ ሊያስወጣ ከሚችለው 96 በመቶውን አስወጥቷል። በ3,000 h ይህ ለአሉሚኒየሙ 16 ሚሊሜትር፣ ለተራ ብረቱ 8 ሚሊሜትር፣ ለእስታንለሱ ደግሞ 4.5 ሚሊሜትር ነው። የቀረው የ40 ሚሊሜትሩ ክፍል ውሃውን ከማደናቀፍ በቀር ጥቅም የለውም። ውሃ በሚፈላበት ገጽ ላይ h 10,000 ሲደርስ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የእስታንለስ ፊን ውጤታማነቱ 0.8 ገደማ ይሆናል። በዚህ ደረጃ ቀላሉ ቀመር ትክክለኛነቱን ቢያጣም ፍርዱ አይለወጥም፤ ፊኑ ሙቀቱን እየከለከለ ነው።

ፊን፣ ፋን፣ ቀለም ወይስ ምንም?

ወደ አሉሚኒየም ሰሌዳችን እንመለስ። በረጋ አየር ባዶውን፣ ሳይቀባ እንዳብረቀረቀ ሲተው 6 ዋት ያህል ያስወጣል። የሚፈለገው 5 ዋት ከሆነ ጉዳዩ እዚሁ አበቃ።

ቀጥሎ ያለው ርካሽ አማራጭ ቀለም ነው። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም በጨረር የሚያስወጣው ሙቀት ኢምንት ነው። ተራ የቅብ ቀለም የተቀባ ገጽ ግን በዚህ የሙቀት ደረጃ በጨረር ብቻ ከ h 7 ጋር የሚመጣጠን ሙቀት ያስወጣል፤ በሰሌዳችን ላይ 8 ዋት ተጨማሪ ማለት ነው። ስለዚህ ቀጭን ቅብ ብቻ 6 ዋቱን ወደ 14 ያደርሰዋል። ቀለሙ ጥቁር መሆን የለበትም፤ በዚህ ሙቀት ላይ ነጭ ቅብም ያው ነው፤ ፀሐይ ለሚያገኘው ሣጥን ደግሞ ነጩ ይመረጣል። ፊን የሚያወዳድሩ ብዙ ሰዎች ይህን ጨረር ይረሱታል። ተቀብቶ 14 ዋት የሚያስወጣን ሰሌዳ 6 ዋት ነው ብለው ስለሚነሡ የፊኑ ጥቅም ከልክ በላይ ይጋነንባቸዋል። ፊኖች እርስ በርስ ስለሚተያዩም ጨረራቸው የሚቆጠረው በውጪው ቅርጽ ስፋት እንጂ በጠቅላላ ገጻቸው አይደለም።

ሦስተኛው ፊን ያለ ፋን ነው። በቀመሩ h 5 ሲገባ 53 ዋት ይወጣል። ነገር ግን በፊኖቹ መካከል ያለው አየር ግድግዳዎቹን እየታከከ ስለሚወጣ በ8 ሚሊሜትር ክፍተት h ወደ 4.3 ይወርዳል፤ ስለዚህ 46 ዋት ብላችሁ ያዙት። ከተቀባ ከዚህ በላይ ይሆናል።

አራተኛው ባዶ ሰሌዳ ላይ ፋን ማስነፋት ነው፤ 36 ዋት፣ ከተቀባ ወደ 44። ከፊን ያለ ፋን ጋር ጎን ለጎን ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ እኛ ያለማመንታት ፊኑን እንመርጣለን። የአዳማ አቧራ የፋንን ኩሽኔታ ቶሎ ይጨርሳል፤ ፋን ሲቆምም ሰሌዳው ወዲያው ወደ 6 ዋት ይመለሳል። ፊን የሚቆም ነገር የለውም።

ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ፣ ማለትም 300 ዋት፣ የሚያስፈልገው ሙቀቱ በእርግጥ ከ60 ዋት ሲያልፍ ነው። ያን ጊዜም ክፍተቱን 8 ሚሊሜትር ላይ መተው ብልህነት ነው፤ ፋኑ ቢቆም 46 ዋቱ ይቀራልና፣ መቆራረጫ ቴርሞስታት እስኪሠራ ፋታ ይሰጣል።

ክፍተቱ ለምን 8 ሚሊሜትር ሆነ?

ፊን ሲበዛ ሙቀቱም በዚያው ልክ ይበዛል የሚለው ሐሳብ ያለ ፋን በሚሠራ ዕቃ ላይ ፈጽሞ አይሠራም። በረጋ አየር ፊኖቹ መካከል አየሩን የሚገፋው የራሱ መሞቅ ብቻ ነው። ክፍተቱ ሲጠብ የሁለቱ ግድግዳዎች የተቀዛቀዘ የአየር ሽፋን ይገናኝና አየሩ ይታፈናል። ያንኑ ሰሌዳ በ3 ሚሊሜትር ክፍተት ብንሠራው 40 ፊን ይገባል፤ ገጹም እጥፍ ይሆናል። የክፍተቱ ስሌት ግን h ወደ 0.4 እንደሚወርድ ያሳያል፤ ሙቀቱም ከ10 ዋት በታች ይሆናል። ፊኖቹ ፊት ለፊት ክፍት ስለሆኑ በተግባር ከዚህ ጥቂት ቢሻልም የ8 ሚሊሜትሩን አይደርስበትም። እጥፍ አሉሚኒየም ተገዝቶ ያነሰ ሙቀት ማግኘት ማለት ይህ ነው። ገበያ ላይ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጡ ጥቅጥቅ ያሉ ማቀዝቀዣዎች ለፋን የተሠሩ ናቸው፤ ያለ ፋን ስትጠቀሙባቸው የሚያሳፍሯችሁ ለዚህ ነው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሐዋሳም በዚሁ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቁጥሮቹ ለእሷም ይሠራሉ። አየሩ ሲሳሳ ያለ ፋን የሚገኘው h 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ የፋኑ ደግሞ በዚያው ፍጥነት ከ10 እስከ 15 በመቶ። ተስማሚው ክፍተትም ይሰፋል፤ ለዚህ ሰሌዳ በባሕር ወለል 7.5 ሚሊሜትር ገደማ የሚሆነው እዚህ ከ8 በላይ ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ማቀዝቀዣ ሠንጠረዥ ላይ የተጻፈውን ዋት እንዳለ አትውሰዱ፤ አንድ አሥረኛውን ቀንሱለት።

አዳማ ነፋሻ ናት፤ የነፋስ ተርባይኖቹም በከንቱ አልተተከሉም። ውጭ የሚሰቀል ሣጥን አብዛኛውን ቀን ከ5 የበለጠ h ያገኛል። ስሌቱ ግን ነፋሱ ባቆመበት ሰዓት ላይ መቆም አለበት፤ ዕቃው የሚቃጠለው ያን ጊዜ ነው።

ስሌቱ የማያሳየው ቦታ፤ የፊኑ ሥር

ከላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ፊኑ ከመሠረቱ ጋር አንድ አካል ነው ብለው ይነሣሉ። ተጠቅልሎ፣ ተቸንክሮ ወይም በብሎን ተይዞ የተገጠመ ፊን ግን ሥሩ ላይ የአየር ክፍተት ይኖረዋል። 0.1 ሚሊሜትር፣ ማለትም የወረቀት ውፍረት ያህል አየር፣ ለአንዱ ፊናችን 12 ዲግሪ በዋት ተቃውሞ ይጨምራል። ፊኑ ራሱ በፋን አየር ላይ ያለው ተቃውሞ 2.9 ብቻ ነው። በደንብ የተያያዘ ፊን 13.6 ዋት ሲያስወጣ ይህኛው 2.7 ዋት ያስወጣል፤ አንድ አምስተኛውን ማለት ነው። በረጋ አየር ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ከ2.4 ወደ 1.4 ዋት። h ከፍ ባለ ቁጥር የሥሩ ጥራት የበለጠ ይወስናል።

ሦስት መፍትሔዎች አሉ። የመጀመሪያው ከሥሩ ሙሉ ርዝመት መበየድ ወይም በቆርቆሮ ብየዳ መሙላት ነው፤ እዚህም እዚያም ነጥብ እየጣሉ መበየድ ፊኑን ያቆመዋል እንጂ ሙቀት አያሻግርለትም። ሁለተኛው ክፍተቱን በቴርማል ፔስት መሙላት ነው፤ ያው 0.1 ሚሊሜትር በፔስት ሲሞላ ፊኑ ወደ 12 ዋት ይመለሳል። ሦስተኛው ላሜራውን ከሥሩ 15 ሚሊሜትር አጥፎ እግር ማውጣት ነው፤ ክፍተቱ ባይሞላም መገናኛው ስለሚሰፋ 9 ዋት ገደማ ይገኛል። እግሩን እና ፔስቱን አንድ ላይ ማድረግ ደግሞ ብየዳ ለማይችል ሰው ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው።

h ስንት እንደሆነ በቦታው መለካት

ከመጽሐፍ የተወሰደ h በእጥፍ ሊሳሳት ይችላል፤ በቦታው መለካት ግን ከባድ አይደለም። 100 በ100 በ10 ሚሊሜትር የሆነ ያልተቀባ የአሉሚኒየም ጡብ ያዙ፤ ክብደቱ 270 ግራም ነው። መሐሉ ላይ ቀጭን ቀዳዳ ብሱና የመልቲሜትር ቴርሞካፕል አስገቡ። ከአየሩ በ50 ዲግሪ እስኪበልጥ አሙቁት፤ አየሩ 35 ከሆነ እስከ 85። ከዚያ ዕቃው በሚቆምበት ቦታ፣ በዚያው ፋን ፊት፣ በቀጭን ሽቦ አንጠልጥሉትና 53 ዲግሪ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ በሴኮንድ ቁጠሩ። 10,100ን ለዚያ ሴኮንድ ማካፈል h ይሰጣል። አምስት ደቂቃ ተኩል ያህል ከፈጀ h 30 ነው። ግማሽ ሰዓት ካለፈው በረጋ አየር ውስጥ ናችሁ፤ ፋኑ እየነፋ ይህ ከመጣ አየሩ ወደዚያ ቦታ እየደረሰ አይደለም።

ፊኑ ከተገጠመ በኋላም ቴርሞካፕሉ ሦስት ቦታ ይነካ፤ በፊኖቹ መካከል ያለውን ሰሌዳ፣ የፊኑን ሥር እና ጫፉን። ሰሌዳው 75 ሲሆን በፋን አየር ላይ ያለው የአሉሚኒየም ፊን ጫፍ 70 አካባቢ፣ የተራ ብረቱ 61 አካባቢ መሆን አለበት። ሰሌዳው 75 ሆኖ የፊኑ ሥር 43 ከሆነ መገናኛው አየር ይዟል፤ ብየዳውን ወይም ፔስቱን ተመልከቱ። ሥሩ ደህና ሞቆ ጫፉ ወደ አየሩ ሙቀት ከቀረበ ፊኑ ለዚያ h ከልክ በላይ ረዝሟል ወይም ሳስቷል፤ ቢያጥር የሚቀንስ ነገር የለም። ሰሌዳውም ሥሩም ጫፉም እኩል ሞቀው ዕቃው አሁንም ከ75 ካለፈ ፊኑ ጥፋት የለበትም፤ አየሩ አልደረሰም። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ክፍተቶቹን የደፈነ አቧራ፣ በአግድም የተገጠመ ማቀዝቀዣ ወይም ከታች አየር የማያስገባ ሣጥን ነው። ፊኖቹ ቀጥ ብለው ወደ ላይ እንዲቆሙ አድርጋችሁ፣ ከታች እና ከላይ ቢያንስ 50 ሚሊሜትር ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ አቧራውን በብሩሽ ጠርጋችሁ እንደገና ለኩ።